በዶላር ወይስ በድርሃም? የክፍያ ማሽኑ የሚያቀርበው ምርጫ ስንት ያስከፍላል?

ከአዲስ አበባ፣ ከናይሮቢ ወይም ከካምፓላ ተነስቶ ዱባይ የገባ ነጋዴ ዴይራ ውስጥ ካለ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ዕቃ መርጦ የዶላር ካርዱን ወደ ክፍያ ማሽኑ ሲያስገባ፣ ግብይቱ ከመጠናቀቁ በፊት አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል። በማሽኑ ማያ ገጽ ላይ ሁለት የገንዘብ መጠኖች ይታያሉ። አንዱ በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ድርሃም የተጻፈው የዕቃው ዋጋ ነው። ሌላው ያው ዋጋ ወደ ዶላር ተቀይሮ የተቀመጠበት ነው።

ጥያቄው ጨዋነት ያለው ይመስላል። ካርዱ የዶላር ከሆነ፣ ገዢውም ሒሳቡን የሚያስበው በዶላር ከሆነ፣ የሚያውቀውን ገንዘብ መምረጡ ተፈጥሯዊ ነው። ብዙዎች ሳያመነቱ በዶላር የሚለውን ይጫናሉ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ተቀባዩ ራሱ ደንበኛውን ሳይጠይቅ ይጫንለታል። በዚያች ቅጽበት ግን የተመረጠው የገንዘብ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ምንዛሪውን የሚያሰላው አካልም ተመርጧል። የመጨረሻውን ወጪ የሚለውጠው ይህ ሁለተኛው ነገር ነው።

በካርድ ኢንዱስትሪው ውስጥ ይህ አገልግሎት “ዳይናሚክ ከረንሲ ኮንቨርዥን” በሚል ስም ይታወቃል። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ዛሬ በአየር ማረፊያዎች፣ በሆቴሎች፣ በትልልቅ የገበያ ማዕከላትና በኤቲኤም ማሽኖች ላይ የተለመደ ሆኗል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ የካርዱን የመጀመሪያ አሃዞች ያነብባል፤ እነዚህ አሃዞች ካርዱን የሰጠውን ባንክ የሚያመለክቱ በመሆናቸው፣ ማሽኑ ከያዘው ሰንጠረዥ ጋር አመሳክሮ የካርዱ ሒሳብ በየትኛው ገንዘብ እንደሚያዝ ይገምታል። ከዚያ ምርጫውን ያቀርባል። ገዢው በአገሩ ገንዘብ፣ ማለትም በድርሃም፣ ልክፈል ካለ መደብሩ የሚልከው የክፍያ ጥያቄ በድርሃም ይሆናል፤ ወደ ዶላር የሚቀይረውም እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያለው የካርድ ኔትወርክ ነው። ቅያሬው የሚሰላው ኔትወርኩ ለዕለቱ ባወጣው ተመን ሲሆን፣ ይህ ተመን ባንኮች እርስ በርስ ከሚገበያዩበት ተመን እምብዛም አይርቅም። ካርዱን የሰጠው ባንክ በዚህ ላይ የራሱን የውጭ ግብይት ክፍያ ሊጨምርበት ይችላል።

ገዢው በዶላር ልክፈል ካለ ግን ቅያሬው እዚያው መደብሩ ውስጥ ይፈጸማል። ተመኑን የሚያወጣው ማሽኑን ያቀረበው ባንክ ወይም ከባንኩ ጋር የሚሠራ የምንዛሪ አገልግሎት ኩባንያ ነው። በመነሻ ተመኑ ላይ የራሱን ትርፍ ይጨምርበታል፤ ትርፉንም ከባንኩና ከነጋዴው ጋር ይካፈለዋል። ገንዘብ ተቀባዩ ደንበኛውን በትህትና ወደ ዶላር የሚመራበት ምክንያትም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ መደብሩ ከእያንዳንዱ ቅያሬ ድርሻ አለው።

የሰባት ሺህ ሦስት መቶ አርባ አምስት ድርሃም ስሌት

ድርሃም ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መመርመሪያ የሚሆነው ዋጋው ስለማይዋዥቅ ነው። የኤምሬትስ ማዕከላዊ ባንክ ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላርን በ3.6725 ድርሃም ላይ አስሮ ይዟል። ስለዚህ ዱባይ ላይ የተጨመረን ትርፍ ለማየት የዕለቱን ገበያ መከታተል አያስፈልግም። ከ3.6725 የራቀው ሁሉ የአንድ ሰው ትርፍ ነው።

ነጋዴው የመረጣቸው ዕቃዎች 7,345 ድርሃም ያወጣሉ እንበል። ይህ በቋሚው ተመን ሲሰላ በትክክል 2,000 ዶላር ነው። ማሽኑ ግን በዶላር መክፈል ለሚፈልግ ሰው የሚያቀርበው ተመን አንድ ዶላር በ3.53 ድርሃም ነው ብለን እናስብ፤ በዚህ ዓይነት አገልግሎት የአራት በመቶ ገደማ ልዩነት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከዚህ የሚበልጥም ያጋጥማል። 7,345ን ለ3.53 ብናካፍል የሚመጣው 2,080 ዶላር ከ74 ሳንቲም ነው። ለአንዲት ቁልፍ 80 ዶላር ከ74 ሳንቲም ተከፈለ ማለት ነው።

በማያ ገጹ ላይ ግን 80 ዶላር የሚል ቁጥር አይታይም። እንዲያውም አንዳንድ ማሽኖች “ያለ ኮሚሽን” የሚል ጽሑፍ ያሳያሉ። አባባሉ በጠባቡ ከተተረጎመ ውሸት አይደለም፤ ተለይቶ የተጻፈ ኮሚሽን የለም። ትርፉ ያለው በተመኑ ውስጥ ነው። ገዢው 3.53 የሚለውን ቁጥር ቢያየውም እንኳ ከ3.67 ጋር ካላነጻጸረው በቀር ምንም አይነግረውም።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተገቢ ጥያቄ ካርዱን የሰጠው ባንክስ አያስከፍልም ወይ የሚለው ነው። ያስከፍላል፤ በዶላር መክፈልን የሚደግፉ ሰዎች በብዛት የሚያነሱት መከራከሪያም ይኸው ነው። ጉዳዩ ግን ባንኩ ክፍያውን የሚጥልበትን ምክንያት ማወቅ ይጠይቃል።

የነጋዴው ባንክ ለውጭ ግብይት ምንም የማያስከፍል ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው፤ በድርሃም ሲከፍል 2,000 ዶላር፣ በዶላር ሲከፍል 2,080 ከ74። (የኔትወርኩ ተመን ከቋሚው ተመን በጥቂቱ ሊለይ ስለሚችል 2,000 የተባለው በጥቂት ዶላር ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል።)

ባንኩ ሦስት በመቶ የሚያስከፍል ቢሆንስ? በድርሃም የከፈለ ሰው 2,060 ዶላር ይወጣበታል። በዶላር የከፈለው ሰው ከዚህ ሦስት በመቶ አመለጠ ብሎ ያስባል። ብዙ ባንኮች ግን ይህንን ክፍያ የሚጥሉት ገንዘብ ስለተቀየረ ሳይሆን መደብሩ ከካርዱ አገር ውጭ ስለሚገኝ ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ ክፍያው በ2,080 ከ74 ላይ ተጨምሮ ጠቅላላው 2,143 ዶላር ከ16 ሳንቲም ይደርሳል። ገዢው የሸሸውን ክፍያም ሊሸሽበት የከፈለውንም አንድ ላይ ከፈለ ማለት ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በሒሳብ መግለጫቸው ላይ “በዶላር ከፍዬ ለምን የውጭ ግብይት ተባለ” ብለው የሚደነቁ ከሆነ ምክንያቱ በአብዛኛው ይህ ነው።

ባንኩ ሦስት በመቶውን የሚያስከፍለው ገንዘብ ሲቀየር ብቻ ከሆነ ደግሞ ንጽጽሩ በ2,060ና በ2,080 ከ74 መካከል ይሆናል። አሁንም ድርሃም ይሻላል፤ ልዩነቱ ግን ጠብቧል። የባንኩ ክፍያ አምስት በመቶ ቢሆንና የሚጣለውም ገንዘብ ሲቀየር ብቻ ቢሆን ኖሮ በድርሃም መክፈል 2,100 ዶላር ያወጣ ነበር፤ ያኔ በዶላር መክፈል በ19 ዶላር ከ26 ሳንቲም ይረክሳል። ስለዚህ “ሁልጊዜ በአካባቢው ገንዘብ ክፈል” የሚለው የተለመደ ምክር ለብዙኃኑ ትክክል ቢሆንም ፍጹም ሕግ አይደለም። የሚፈርስበት ሁኔታ አለ፤ ነገር ግን ለመፍረስ ሁለት ነገሮች መገጣጠም አለባቸው። የባንኩ ክፍያ ከማሽኑ ትርፍ መብለጥ አለበት፤ ክፍያው በካርዱ ገንዘብ የተፈጸመን ግብይት የማይነካ መሆንም ይኖርበታል። ሁለቱንም ከጉዞ በፊት ባንኩን በመጠየቅ ማወቅ ይቻላል።

ከኢትዮጵያ ባንኮች የጉዞ ካርድ አስሞልቶ ለሚወጣ መንገደኛ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። በካርዱ ላይ ያለው ዶላር የተወሰነ ነው፤ በወረፋና በሰነድ የተገኘም ነው። 80 ዶላር ሲጎድል በዚያው ጉዞ የሚተካበት መንገድ ላይኖር ይችላል።

የድርሃሙ ፈተና በሌሎች የአካባቢው አገሮችም ይሠራል። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ታስሯል፤ የሳዑዲ ሪያል በ3.75፣ የኳታር ሪያል በ3.64 ላይ ይገኛሉ። የዶላር ካርድ ይዞ በእነዚህ አገሮች የሚከፍል ሰው እነዚህን ቁጥሮች ካስታወሰ የማሽኑን ትርፍ በአንድ እይታ ይለየዋል። የኬንያ ሽልንግና የኢትዮጵያ ብር ግን እንዲህ አይመረመሩም፤ ቪዛና ማስተርካርድ የዕለቱን ተመናቸውን የሚያሳይ ማስሊያ በድረ ገጻቸው ላይ ስላላቸው ከመክፈል በፊት እዚያ መመልከት ይቻላል።

“ተመኑን አሁኑኑ ይቆልፉ”

የአገልግሎቱ አቅራቢዎች የሚያነሱት ዋነኛ ጥቅም እርግጠኝነት ነው። በአካባቢው ገንዘብ የተፈጸመ ግብይት ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ካርዱ በተነካበት ቅጽበት ባለው ተመን ሳይሆን ግብይቱ በኔትወርኩ በኩል በሚያልፍበት ቀን ባለው ነው፤ በመካከሉ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሊያልፍ ይችላል። በካርዱ ገንዘብ የከፈለ ሰው ግን ከሒሳቡ የሚወጣውን ቁጥር እዚያው ያየዋል።

ዱባይ ላይ ይህ መከራከሪያ ለዶላር ካርድ ባለቤት ትርጉም የለውም። ለሃያ ሰባት ዓመታትና ከዚያ በላይ ያልተንቀሳቀሰን ተመን ለመቆለፍ አራት በመቶ መክፈል፣ ላልደመነ ሰማይ ጃንጥላ መከራየት ነው። ተመን በሚዋዥቅባቸው አገሮች ግን ሊጤን ይገባዋል።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን የፈቀደበትን ሰኞ፣ እአአ ሐምሌ 29 ቀን 2024ን እንውሰድ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓርብ አንድ ዶላር በ57.48 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በዚያች ሰኞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተመን ወደ 74.73 ብር ዘለለ። ከዋሽንግተን የመጣ አንድ የዲያስፖራ አባል ዓርብ ዕለት አዲስ አበባ ውስጥ 57,480 ብር የሆቴል ሒሳብ በዶላር ካርዱ ከፍሎ ቢሆን፣ በዕለቱ ተመን 1,000 ዶላር ነበር። ክፍያው በብር ተመዝግቦ ቅያሬው ከለውጡ በኋላ በ74.73 ቢፈጸም ኖሮ ከሒሳቡ የሚወጣው 769 ዶላር ገደማ ይሆን ነበር። ዓርብ ዕለት በዶላር “ቆልፎ” የከፈለ ሰው ግን 1,000 ዶላሩንና በላዩ ላይ የተጨመረውን ትርፍ በሙሉ ከፍሏል።

ምሳሌው ጽንፍ የያዘ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰኞ በየዓመቱ አይመጣም። የሚያሳየው ግን አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ጠንካራ ገንዘብ የያዘ ሰው እየተዳከመ ባለ ገንዘብ ሲከፍል መዘግየቱ ለእሱ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። መቆለፉ የሚጠቅመው የአካባቢው ገንዘብ በድንገት ሲጠናከር ነው። ይህም አይከሰትም ማለት አይደለም፤ እአአ በ2024 መጀመሪያ አንድ ዶላር 160 ገደማ ደርሶ የነበረው የኬንያ ሽልንግ፣ መንግሥት በየካቲት አዲስ ዩሮቦንድ ከሸጠ በኋላ በአጭር ጊዜ በጉልህ ተጠናክሯል። ይሁንና በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ አራት በመቶ የሚሆን መጠናከር ያልተለመደ ነው፤ ቆላፊው ግን ያንን አራት በመቶ በእርግጠኝነት አስቀድሞ ይከፍላል።

በአረብ አገራት የሚኖሩ ሠራተኞች ወደ አገር ቤት ሲመጡ ጥያቄው ይገለበጣል። የኤምሬትስ ባንክ ካርድ የያዘች ሴት አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ውስጥ ስትገበይ በድርሃም እንድትከፍል ልትጠየቅ ትችላለች። ለእሷ “የአካባቢው ገንዘብ” ብር ወይም ሽልንግ ነው፤ ስሌቱ ግን አንድ ነው።

ተቆጣጣሪዎች ምን አደረጉ?

የካርድ ኔትወርኮች ደንብ ምርጫው የካርዱ ባለቤት እንዲሆን፣ ሁለቱ መጠኖችና ተመኑ እንዲታዩ ያስገድዳል። ኔትወርኮቹ ግን በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ታዛቢ አይደሉም። ቅያሬው በመደብሩ ውስጥ ሲፈጸም ከቅያሬ የሚገኘው ገቢ ከእነሱና ካርዱን ከሰጡት ባንኮች እጅ ይወጣል። ቪዛ እአአ በ2010 ለጥቂት ወራት የዚህን አገልግሎት መስፋፋት በብዙ አገሮች አግዶ ነበር፤ የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን ድርጊቱን ፀረ ውድድር ነው ብሎ ከሰሰው፤ በ2015 የአገሪቱ ፌዴራል ፍርድ ቤት ኩባንያው 18 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንዲቀጣ ወሰነ። ሸማቹን የሚያስወድድ አገልግሎት በውድድር ሕግ ስም መከላከያ ማግኘቱ ያስገርም ይሆናል፤ የሕጉ አመክንዮ ግን ምርጫ እንዲኖር እንጂ ርካሹ እንዲያሸንፍ አይጠይቅም።

የአውሮፓ ኅብረት የተከተለው መንገድ ሌላ ነው። ከሚያዝያ 19 ቀን 2020 (እአአ) ጀምሮ በኅብረቱ ውስጥ በሚፈጸሙ ክፍያዎች ላይ አገልግሎቱን የሚያቀርቡ ሁሉ ጠቅላላ ጭማሪያቸውን ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ መነሻ ተመን በስንት በመቶ እንደሚበልጥ ከክፍያው በፊት መግለጽ ግዴታቸው ሆኗል። የስዊድን ካርድ ይዞ ሮም ውስጥ የሚከፍል ኢትዮጵያዊ በማሽኑ ላይ የመቶኛ ቁጥር የሚያየው ለዚህ ነው። 3.53 የሚለው ቁጥር ዝም ሲል “4 በመቶ” የሚለው ይናገራል፤ ከተሞከሩት መፍትሔዎች ሁሉ ለሸማቹ የቀረበው ይህ ይመስላል። በምሥራቅ አፍሪካና በባሕረ ሰላጤው የሚጓዝ ሰው ግን መቶኛውን ራሱ ማስላት ይጠበቅበታል።

ችግር የሚፈጠርባቸው ቦታዎች

ኤቲኤም ላይ ጥያቄው በአስፈሪ መልክ ይመጣል። ገንዘብ ሊያወጣ የመጣ ሰው መጀመሪያ የማሽኑን የአገልግሎት ክፍያ ይቀበላል፤ ይህ ከቅያሬው የተለየና ብዙ ጊዜ የማይቀር ነው። ቀጥሎ ሌላ ገጽ ይመጣና “Accept conversion” እና “Decline conversion” የሚሉ ሁለት ቁልፎች ያቀርባል። ሁለተኛው፣ ወይም በአንዳንድ ማሽኖች “Continue without conversion” የሚለው፣ ግብይቱን የሚሰርዝ ስለሚመስል ብዙዎች ይፈሩታል። የሚከለክለው ግን ማሽኑ የሚያደርገውን ቅያሬ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ እንደተለመደው ይወጣል፣ ምንዛሪውንም ኔትወርኩ ያሰላዋል።

ሁለተኛው ችግር ማሽኑ የካርዱን ገንዘብ በስህተት ሲገምት ነው። የበርካታ ገንዘቦች ሒሳብ ያለው ካርድ ወይም በአንድ አገር ተሰጥቶ በሌላ ገንዘብ የተሞላ ካርድ ሰንጠረዡን ሊያሳስተው ይችላል። በካርዱ ላይ ያለው ዶላር ሆኖ ሳለ ማሽኑ በዩሮ ይክፈሉ ካለና ገዢው ከተቀበለ፣ ድርሃሙ ወደ ዩሮ፣ ዩሮው እንደገና ወደ ዶላር ይቀየራል። ሁለቴ ተቀየረ ማለት ሁለቴ ተከፈለበት ማለት ነው። በማያ ገጹ ላይ ከካርዱ ሒሳብ ጋር የማይዛመድ ገንዘብ መታየቱ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሦስተኛው ሆቴልና የመኪና ኪራይ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ፈቃዱ የሚሰጠው ክፍያው በሚፈጸምበት ጊዜ ላይሆን ይችላል፤ እንግዳው ሲገባ በሚፈርመው ቅጽ ውስጥ፣ ስለ መታወቂያና ስለ ቁርስ በሚናገሩት መስመሮች መካከል፣ ሒሳቡ በካርዱ ገንዘብ እንዲሰላ የሚፈቅድ አንቀጽ ሊኖር ይችላል። ይህ መስመር ተሰርዞ በላዩ ላይ የአካባቢው ገንዘብ ስም ቢጻፍበት በመጨረሻው ቀን ክርክር ያስቀራል።

ገንዘብ ተቀባዩ ሳይጠይቅ በዶላር ካስከፈለ ደረሰኙ ይመሰክራል። ሁለቱ መጠኖች፣ የተሠራበት ተመን፣ ብዙ ጊዜም የካርዱ ባለቤት ምርጫ ቀርቦለት እንደተስማማ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ይታተምበታል። ከመደብሩ ሳይወጡ ግብይቱ ተሰርዞ በአካባቢው ገንዘብ እንደገና እንዲፈጸም መጠየቅ ይቻላል። “ሲስተሙ አይፈቅድም” የሚል መልስ የተለመደ ነው፤ የኔትወርኮቹ ደንብ ግን ምርጫውን የሚሰጠው ለካርዱ ባለቤት ስለሆነ መልሱ ብዙም አያስኬድም። ከመደብሩ ከተወጣ በኋላ ያለው መንገድ ካርዱን ለሰጠው ባንክ አቤቱታ ማቅረብ ነው፤ ቪዛ ባልተስማሙበት ገንዘብ መከፈልን ራሱን እንደቻለ የአቤቱታ ምክንያት ይቀበላል። ባንኩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ደረሰኙን ነው። ያ የስምምነት ዓረፍተ ነገር ያለበት ደረሰኝ ላይ ፊርማ ካረፈበት፣ ምርጫ አልተሰጠኝም ብሎ ማስረዳት ከባድ ይሆናል፤ ስለዚህ ከመፈረም በፊት ከጠቅላላው ቁጥር ፊት የተጻፈው AED ወይም USD መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።